ሹፌሩ የት ገባ? የግላዊነት ማሳወቂያን በሚገባ አማርኛ ስለ መጻፍ

ገርጂም ሆነ መገናኛ ባሉ የስልክ መሸጫ ሱቆች በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። ደንበኛው አዲስ ስልክ ይገዛል። ሻጩ ሲም ካርዱን ያስገባለታል፣ የታክሲውንም የገንዘብ ማስተላለፊያውንም አፕ ያወርድለታል፣ «ቁጥርህን ንገረኝ፤ አሁን የገባልህን ኮድ አንብብልኝ» ይለዋል። በመሃል የሚመጣውን ረጅም ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ወደ ታች ጠርጎ «እስማማለሁ» የሚለውን ራሱ ይጫንለታል። ገዢው ስልኩን ሲረከብ ሁሉም ነገር አልቋል። ጣቱን ያሳረፈው ሻጩ ነው፤ ውሉ ውስጥ ያለው ግን ገዢው ነው።

የአጠቃቀም ደንብና የግላዊነት ማሳወቂያ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተማሪዎቼን በመጀመሪያ የማስታውሳቸው ይህንኑ ነው። የምትጽፉለት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰነድ የሚያገላብጥ አይደለም። ባንኮኒ ላይ ተደግፎ፣ ሌላ ሰው ስልኩን ይዞለት፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ቢነበብለት የሚሰማ ሰው ነው። እንግዲህ ጽሑፉ ሲሰማ የሚገባ መሆን አለበት። ከዚህ በታች አንድ የታክሲ አፕ ማሳወቂያን ይዘን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እናያለን።

ሕጉ ምን ይጠይቃል?

ብዙ ሰው «እስማማለሁ» ከተጫነ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን አንዱ ተዋዋይ ለብቻው አዘጋጅቶ የሚያቀርበውን ጠቅላላ የንግድ ደንብ በተመለከተ በአንቀጽ 1686 ግልጽ ነገር አስቀምጧል። ደንቡ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው አውቆ ሲቀበለው፣ ወይም ደንቡ በመንግሥት አካል የተደነገገ ወይም የጸደቀ ሲሆን ብቻ ነው። «አውቆ» የሚለው ቁምነገር ነው። ሕጉ ሲወጣ ስለ አፕ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን የገርጂውን ባንኮኒ ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ አንቀጽ ፈልጌ አላገኘሁም።

ሁለተኛው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ነው። አዋጁ የሰው ዳታ ሲሰበሰብ ለምን ዓላማ እንደሆነ ለባለቤቱ እንዲነገረው፣ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነም ነገሩን አውቆ በነጻነት እንዲሰጥና ሲፈልግ እንዲያነሳው ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ማሳወቂያውን የሚተረጉም ሰው ድርጅቱ ሕጋዊ ግዴታውን የሚወጣበትን መሣሪያ እየሠራ መሆኑን ማወቅ አለበት። ሰውየው ካልገባው አልተነገረውም ማለት ነው።

ቋንቋው ራሱ ክስ ሊሆን እንደሚችል ከሌላ አገር አንድ ነገር ልጨምር። በ2021 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ የግል ዳታ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቲክቶክን 750,000 ዩሮ ቀጥቷል። ጥፋቱ የተሰረቀ ዳታ አልነበረም። ብዙዎቹ ትንንሽ ልጆች የሆኑ የኔዘርላንድ ተጠቃሚዎች አፑን ሲጭኑ የሚያገኙት የግላዊነት መግለጫ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለነበረ ነው። እኛ ጋ ግን አዲስ አበባ ተሠርቶ ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርብ አፕ ደንቡ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ብዙም አያስገርምም።

አንድ አንቀጽ እንያዝ

የሚከተለውን አንቀጽ ለክፍል ማሳያ ራሴ አዘጋጀሁት እንጂ ከየትኛውም ድርጅት አልወሰድኩትም። ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተመለሱ ማሳወቂያዎችን ያነበበ ሰው ግን ዘመዱን ወዲያው ያውቃል።

«ድርጅቱ አገልግሎቱን ለማቅረብ፣ ለማሻሻል እና ለሌሎች ሕጋዊ የንግድ ዓላማዎች ሲባል በተጠቃሚው የሚሰጡ ወይም ከተጠቃሚው መሣሪያ በራስ ሰር የሚሰበሰቡ፣ የመገኛ ቦታን ጨምሮ ነገር ግን በዚህ ሳይወሰን፣ የግል መረጃዎችን ሊሰበስብ፣ ሊያከማች እና ለተባባሪ ድርጅቶች እና ለሦስተኛ ወገኖች ሊያጋራ የሚችል ሲሆን ተጠቃሚው አገልግሎቱን መጠቀሙን በመቀጠሉ ለዚህ እንደተስማማ ይቆጠራል።»

እያንዳንዱ ቃል አማርኛ ነው፤ ሰዋስውም አልተሰበረም። ችግሩ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ መሆኑን አንቀጹ አለማክበሩ ነው። አንባቢው «ድርጅቱ» ከሚለው ተነሥቶ ድርጅቱ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሃያ ምናምን ቃል ተሸክሞ መጓዝ አለበት። «ሊሰበስብ» ጋ ሲደርስ ዓላማው ምን እንደነበረ ረስቶታል። በዚያ ላይ አንዱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አራት ጉዳይ ታጭቋል፤ ምን እንደሚሰበሰብ፣ ለምን እንደሚሰበሰብ፣ ለማን እንደሚሰጥና ዝምታ እንደ ስምምነት እንደሚቆጠር። አራተኛው ለብቻው ቢቆም ኖሮ ብዙ ሰው ቆም ብሎ ያየው ነበር። እዚህ ግን በ«ሲሆን» ተንጠልጥሎ ያልፋል።

ጀማሪ ተርጓሚ ይህን ሲያይ የሚያደርገው ከባዱን ቃል በቀላል መተካት ነው። «በራስ ሰር» የሚለውን «ራሱ በራሱ»፣ «ያከማቻል» የሚለውን «ያስቀምጣል» ያደርጋል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን አንቀጹን አያድነውም። የጎደለው መረጃ ነውና። «ሌሎች ሕጋዊ የንግድ ዓላማዎች» የቱንም ያህል በቀላል ቃል ቢጻፍ ምን እንደሆኑ አይታወቅም።

ከመተርጎም በፊት መጠየቅ

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ብዕር ማንሳት ሳይሆን ለድርጅቱ ጥያቄ መላክ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምልካቸው አምስት ናቸው። በስም ተጠርቶ ምን ምን ትወስዳላችሁ? መቼ ነው የምትወስዱት፣ አፑ ሲከፈት ብቻ ነው ወይስ ተዘግቶም? የሚያየው ማን ነው? እስከ መቼ ታስቀምጡታላችሁ? ሰውየው ይቅርብኝ ቢል ምን ያድርግ?

ጥያቄውን ለሕግ ክፍሉ ብቻ መላክ ብዙም አይጠቅምም፤ አንቀጹን ደግመው ይልኩላችኋል። አፑን የሠራውን ሰው ማግኘት ያስፈልጋል። አፑ ቦታ የሚወስደው መቼ መቼ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ስልኩም ራሱ ይመሰክራል። አንድሮይድ ስልክ ላይ የአፑ የቦታ ፈቃድ ሲከፈት «Allow all the time»፣ «Allow only while using the app» የሚሉ ምርጫዎች ይታያሉ። አፑ የመጀመሪያውን የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ ማሳወቂያው «ታክሲ ሲጠሩ» ብቻ የሚል ከሆነ አንዱ ትክክል አይደለም፤ እሱ ሳይስተካከል ትርጉሙ መውጣት የለበትም።

ለማሳያችን ድርጅቱ እንዲህ መለሰ እንበል። ስም፣ ስልክ ቁጥርና ቦታ እንወስዳለን። ቦታውን የምንወስደው አፑ ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው፤ ጉዞ ባይኖርም። የጉዞ መዝገብ ሁለት ዓመት ይቆያል። አጭር መልእክት የሚልክልን አንድ ድርጅት አለ፤ ክፍያ የሚያልፍበት ባንክም አለ፤ ሁለቱም ቁጥሩን ያያሉ። ለማስጠፋት ቢሯችን መደወል ይቻላል።

ሹፌሩስ?

ከላይ ባለው መልስ ውስጥ አንድ ሰው ተረስቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ጠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል፤ ሹፌሩ ይደውላል። «ሄሎ፣ የት ጋ ነህ? ኤድና ሞል ፊት ለፊት ነው ከኋላ?» ቤቶቻችን በመንገድ ስምና በቁጥር ስለማይገኙ፣ ካርታው ላይ ያለችው ነጥብም አንዳንዴ አጥሩን ተሻግራ ጎረቤት ግቢ ስለምታርፍ፣ መደወል የሥራው አካል ሆኗል። በዚህም ምክንያት የተሳፋሪው ቁጥር ሹፌሩ የእጅ ስልክ ውስጥ ይቀራል። ማታ ከቦሌ መድኃኔዓለም አያት ድረስ የሄደች ሴት ቤቷ የት በር ላይ እንደሆነም፣ ስልኳ ስንት እንደሆነም ሹፌሩ ያውቃል።

ለእሷ ከአጭር መልእክት ላኪው ድርጅትም ከባንኩም ይልቅ የሚያሳስባት ይህ ነው። ማሳወቂያው ውስጥ ግን ሹፌሩ የለም፤ «ሦስተኛ ወገኖች» በሚለው ውስጥ ተደብቋል። ከእንግሊዝኛ የተቀዳው ጽሑፍ የታሰበው ምናልባት ሹፌርና ተሳፋሪ ቁጥር ሳይተያዩ በአፑ በኩል ለሚነጋገሩበት አገር ነው። ቃል በቃል ተርጓሚ ይህን አያየውም፤ ጽሑፉ ላይ የለማ። የከተማውን ኑሮ የሚያውቅ ተርጓሚ ግን ወደ ድርጅቱ ተመልሶ ይጠይቃል። ሹፌሩ ሙሉ ቁጥሩን ያያል? ከጉዞ በኋላስ ቁጥሩ ከአፑ ይጠፋል? ሹፌሩ በኋላ ቢደውልስ ለማን ይከሰሳል? መልሱ ጥሩ ባይሆንም መጻፍ አለበት። ያውም መጀመሪያ ላይ።

እንደገና ሲጻፍ

ስለ ሹፌሩም ድርጅቱ መልሶልናል እንበል፤ እንግዲህ መልሶቹን ይዘን አንቀጹን እንጻፈው።

«ታክሲ ሲጠሩ ስምዎንና ስልክ ቁጥርዎን ለሹፌሩ እንሰጣለን። ሹፌሩ ሊደውልልዎት ቁጥሩን ያያል፤ ከጉዞው በኋላም በስልኩ ሊቀር ይችላል። ያለፈቃድዎ ከደወለልዎት ለእኛ ያሳውቁን።

አፑ ክፍት እስከሆነ ድረስ ያሉበትን ቦታ እናያለን። ታክሲ ባይጠሩም እናያለን። እንዳናይ ከፈለጉ አፑን ይዝጉት።

ስልክ ቁጥርዎን ሁለት ድርጅቶች ያገኙታል። አንዱ አጭር መልእክት የሚልክልን ድርጅት ነው። ሌላው ክፍያዎን የሚቀበለው ባንክ ነው።

ከየት ወዴት እንደሄዱ የሚያሳየውን መዝገብ ሁለት ዓመት እናስቀምጣለን። አፑን ከስልክዎ ቢያጠፉም መዝገቡ እኛ ጋ ይቆያል። ከዚያ በፊት እንዲጠፋልዎት ከፈለጉ ይደውሉልን።»

ሲቆጠር ከመጀመሪያው ይረዝማል። ተማሪዎች ሁልጊዜ በዚህ ይገረማሉ፤ ቀላል ማለት አጭር ይመስላቸዋልና። ዐረፍተ ነገሮቹ አጠሩ፤ ጽሑፉ ግን ረዘመ፤ ምክንያቱም ያልነበረ ነገር ገባበት። «የግል መረጃ» የሚለው ጥቅል ስም ቀርቶ ስም፣ ቁጥርና ቦታ ተብሎ ተዘረዘረ። «የሚሰበሰቡ» የሚለው ባለቤት የሌለው ግሥም ቀርቶ «እናያለን»፣ «እንሰጣለን» ሆነ። አማርኛ ውስጥ ግሡ ራሱ አድራጊውን ስለሚይዝ ይህን ማድረግ አንድ ፊደል ያህል እንኳ ትርፍ ቦታ አይፈጅም። «እርስዎ» ማለቱም አለምክንያት አይደለም፤ ከአክብሮቱ ሌላ «አንተ» ወይስ «አንቺ» ከሚለው ጣጣ ያወጣል።

«አፑን ቢያጠፉም መዝገቡ እኛ ጋ ይቆያል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም። ያስገባሁት ብዙ ሰው አፑን ከስልኩ ሲያጠፋው ሁሉ ነገር የጠፋ ስለሚመስለው ነው። ሰዎች የሚሳሳቱበትን ቦታ አስቀድሞ አውቆ እዚያው ላይ መልስ ማኖር የዚህ ሥራ ግማሹ ነው።

ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል የሚለው የመጨረሻው ሐረግስ? አላቀለልኩትም። ለድርጅቱ መለስኩት። በአዋጁ መሠረት ፈቃድ በግልጽ የሚሰጥ ነገር ስለሆነ ይህን ሐረግ በሚያምር አማርኛ መጻፍ ጥፋትን ማሳመር ነው። ተርጓሚ ሕግ አይቀይርም፤ ግን ያልጣመውን አንቀጽ ለጠበቃው አሳይቶ «ይህ ይቆማል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

«ሊያደርግ ይችላል» ሲባል

የእንግሊዝኛ ማሳወቂያዎች ድርጅቱ ነገ ለሚያስበው ነገር ሁሉ በር ክፍት እንዲሆን የሚጠቀሙበት ግሥ አለ፤ እኛ ጋ ሲመጣ ሁልጊዜ «ሊ… ይችላል» ይሆናል። አማርኛ አንባቢ «ሊያጋራ ይችላል» ሲባል የሚሰማው «እስካሁን አላደረገም፤ ግን አይታወቅም» የሚል ነው። ድርጅቱ ግን ብዙ ጊዜ እያደረገው ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ «ይችላል» ሦስት ነገር ለዩ። አሁን የሚደረግ ከሆነ «እናደርጋለን» በሉ። ሁኔታ ሲሟላ ብቻ የሚደረግ ከሆነ ሁኔታውን ጻፉ፤ «ፍርድ ቤት ካዘዘን እንሰጣለን» እንደማለት። ገና ያልታሰበ ከሆነ ደግሞ ይውጣ፤ ሲታሰብ ለተጠቃሚው ይነገረዋል።

ከላይ በጻፍነው ውስጥ አንድ «ይችላል» ቀርቷል፤ ቁጥሩ በሹፌሩ ስልክ ሊቀር ይችላል የሚለው። እሱን የተውኩት ድርጅቱ ራሱ የማይቆጣጠረው፣ በእውነትም አንዳንዴ የሚሆን አንዳንዴ የማይሆን ነገር ስለሆነ ነው።

ቀንና ሰዓት፣ ደግሞም «እንግሊዝኛው ይበልጣል»

ቀንና ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ቅሬታ የሚነሣበት ቦታ ነው። ደንቡ «ጁን 30» ካለ «ሰኔ 23» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ «ሰኔ 30» ብሎ የሚተረጉም ሰው ለተጠቃሚው የሌለውን ሰባት ቀን ይሰጠዋል። «እስከ 12 ሰዓት» ማለትም ሁለት ነገር ነው፤ በፈረንጁ አቆጣጠር እኩለ ቀን ከሆነ ለእኛ 6 ሰዓት ነው። «ከቀኑ 6 ሰዓት» ብሎ መጨረስ ነው።

ሌላው ብዙ የአማርኛ ቅጂዎች ግርጌ ላይ የሚገኘው፣ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ቢፈጠር እንግሊዝኛው የበላይ ይሆናል የሚለው መስመር ነው። ነገሩ አንዳች ምፀት አለው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አዋጆቻችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲወጡ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። በግል ውል ተዋዋዮች ሌላ ሊመርጡ ይችላሉ፤ ከሆነ ግን መስመሩ ግርጌ ሳይሆን ራስጌ ይጻፍ። ሰውየው የሚያነበው ጽሑፍ ክርክር ሲመጣ የማይሠራ ከሆነ ከማንበቡ በፊት ይወቀው። ለድርጅቶች ግን የምመክረው አማርኛውን ራሱን ውል እንዲያደርጉት ነው። ተጠቃሚው አማርኛውን ብቻ አንብቦ «እኔ አውቄ የተቀበልኩት ይህን ነው» ቢል ከአንቀጽ 1686 ጋር ሲታይ ክርክሩ ቀላል አይሆንላቸውም።

«ገባህ?» ብሎ አለመጠየቅ

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ለሰው ይፈተናል። ፈተናውን የሚያበላሸው ይሉኝታችን ነው። የሱቅ ጠባቂን ወይም የጀበና ቡና የምታፈላን ሴት «ይሄ ገባሽ?» ብትሏት «አዎ፣ ገብቶኛል» ትላለች፤ አልገባኝም ማለት ለእሷም ነውር ነው፣ ጸሐፊውንም ማሳፈር ነው። ስለዚህ ስለ ጽሑፉ አትጠይቁ፤ ስለ ኑሮ ጠይቁ። ጮክ ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡና ወረቀቱን አስቀምጡ። ከዚያ «ይሄን አፕ ነገ ብታጠፊው ትናንት ሲኤምሲ እንደሄድሽ የሚያውቅ ሰው ይኖራል?» በሉ። «ሹፌሩ በማግስቱ ቢደውልልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» በሉ።

መልሷ ከጽሑፉ ጋር ከገጠመ አልፏል። «አይ፣ ካጠፋሁትማ ጠፋ» ካለች ስሕተቱ የእሷ አይደለም፤ ያ ዐረፍተ ነገር እንደገና ይጻፋል ወይም ወደ ላይ ይወጣል። አምስት ስድስት ሰው በዚህ መንገድ ብትጠይቁ አንድ ቦታ ላይ በተደጋጋሚ ሲሰናከሉ ታያላችሁ። የምትጠይቋቸውን ሰዎች ከቦሌ ቢሮዎች ብቻ አትምረጡ። ጎሮና አያት ዳር አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ብዙ ሰው አለ፤ ለእሱ የአፋን ኦሮሞ ቅጂ ያስፈልጋል፤ አማርኛውን ማቅለል ለዚያ ምትክ አይሆንም።

ሙሉው ደንብስ?

ሙሉውን ደንብ በዚህ ቋንቋ መጻፍ ይቻላል ወይ ተብዬ እጠየቃለሁ። አብዛኛውን አዎ። የኃላፊነት ወሰንን፣ የክርክር መፍቻን፣ የንብረት መብትን የሚመለከቱ አንቀጾች ግን የሕግ ቃላቸውን መያዝ ያለባቸው ጊዜ አለ፤ ፍርድ ቤት የሚያውቀውን ቃል በራስ ፈጠራ መለወጥ ተጠቃሚውንም አይጠቅምም። በእነዚህ ላይ የሕጉ ቃል እንዳለ ይቆይና ከሥሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይጻፍ። ከላይ የጻፍነው ገጽ መጀመሪያ ይመጣል፤ ሙሉው ደንብ ከኋላው ይከተላል። ሁለቱ እንዳይጣሉ ግን ደንቡ በተቀየረ ቁጥር የፊቱ ገጽ አብሮ ይቀየር፣ የተቀየረበትም ቀን ይጻፍበት። በፊተኛው ገጽ «ሁለት ዓመት» ተብሎ በውስጠኛው «አምስት ዓመት» ከተባለ ያ ቀላል ጽሑፍ ማታለያ ሆኗል።

የፊተኛው ገጽ የመጨረሻ መስመር አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ ይሁን። መጀመሪያ የድርጅቱ ስልክ ይጻፍ፤ ሰው የሚያነሳው ስልክ መሆኑንም ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። ቀጥሎም ከድርጅቱ መልስ ያጣ ሰው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት እንደሚችል ይጻፍ።